ኦፍሎድ የተደረገ አፕ ዕቃውን ትቶ ነው የሚሄደው

«64 ጂቢ አይፎን 11 ነው ያለኝ። ስቶሬጁ ሞልቶ ፎቶ እንኳን አላነሳ ብሎኛል። ቴሌግራም ብቻውን 14 ጂቢ ይዟል። Offload App የሚለውን ነካሁት፤ አፑ ሄደ፣ ቦታው ግን ያው ነው። Delete App ብለው ቻቶቼና ፋይሎቼ ይጠፋሉ? ደግሞ ስልኩን በቅርቡ ለታናሽ እህቴ ልሰጣት አስቤያለሁ። አፖቹን አንድ በአንድ ካጠፋሁ በኋላ የኔ ነገር ስልኩ ላይ ይቀራል?»

ስልክዎ አልተበላሸም። ኦፍሎድም ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ነገሩ፣ ኦፍሎድ የሚያነሳውና የእርስዎን ቦታ የያዘው የተለያዩ ናቸው።

Settings ከፍተው General፣ ከዚያ iPhone Storage ይግቡ። ዝርዝሩ እስኪመጣ ትንሽ ይታገሱ፤ ስልክ ሲሞላ ይህ ገጽ ቶሎ ቆጥሮ አይጨርስም። እዚያ ቴሌግራምን ሲነኩ ሁለት ቁጥሮች ያያሉ። App Size የሚለው አፑ ራሱ ነው፤ ከአፕ ስቶር የወረደው ፕሮግራም። Documents & Data የሚለው ደግሞ አፑን ሲጠቀሙ የተጠራቀመው ነው፤ የከፈቷቸው ቪዲዮዎች፣ ያዳመጧቸው መዝሙሮች፣ ያወረዷቸው ፒዲኤፎች፣ የቻቱ መዝገብ፣ የገቡበት አካውንት። ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። የቀረው ከ13 ጂቢ በላይ የሆነው በሙሉ ሁለተኛው ነው።

Offload App የሚያነሳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሆን ብሎ አይነካውም። ተከራዩ ከቤት ወጥቶ ዕቃው ግን ተቆልፎበት እንደቀረ ቤት ይቁጠሩት፤ ሰውየው የለም፣ ክፍሉ ግን አልተለቀቀም። አፕል ይህን አማራጭ ያመጣው በፈረንጆቹ 2017 ከአይኦኤስ 11 ጋር ሲሆን፣ የታሰበውም ሰው ዳታውን ሳያጣ ለጊዜው ቦታ እንዲያገኝ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ግን የተሳሳተ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም አፕ ከመንካትዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ያወዳድሩ። App Size ትልቅ ሆኖ Documents & Data ትንሽ ከሆነ ኦፍሎድ ያዋጣል። ሦስት ጂቢ የሆነ የእግር ኳስ ጌም ይውሰዱ። የእርስዎ ደረጃና ነጥብ የያዘው ፋይል ምናልባት ከሃምሳ ሜጋ አይበልጥም። ኦፍሎድ ሲያደርጉት ሦስቱ ጂቢ ይለቀቃል፣ ደረጃዎ ይቀመጥልዎታል። የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፖችም፣ የጀመሩትን ሥራ ከጨረሱ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ግን በተቃራኒው ናቸው፤ አፑ ትንሽ፣ ጓዙ ብዙ።

አሁን ወደ 13 ጂቢው እንምጣ። ይህ ቦታ የሚለቀቀው ከራሱ ከቴሌግራም ውስጥ ነው። ኦፍሎድ ስላደረጉት መጀመሪያ መመለስ አለብዎት። ስሙ ጎን ትንሽ የደመና ምልክት ያለበትን የቴሌግራም አይኮን አንዴ ይንኩት፤ ራሱ ይወርዳል። ስልኩ አፑን ለመመለስ እንኳን ቦታ የለኝም ካለ፣ ከፎቶ ውስጥ አንድ ሁለት ረጃጅም ቪዲዮዎችን ወደ ኮምፒውተር ያውጡና ያጥፉ። Recently Deleted ከሚለው አልበምም ማጥፋት አይርሱ፤ ካልሆነ ቦታው አይለቀቅም።

ቴሌግራም ሲከፈት እንደ ድሮው ገብተው ያገኙታል። ኮድ አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ኦፍሎድ የገቡበትን አካውንት አልነካውም። ከዚያ በቴሌግራም ውስጥ Settings፣ Data and Storage፣ Storage Usage ይበሉ። ቪዲዮው፣ ፎቶው፣ ሙዚቃው፣ ፋይሉ ስንት ስንት እንደያዘ በክብ ሥዕል ያሳይዎታል። የማይፈልጉትን መርጠው Clear Cache ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ቦታ ይለቀቃል።

ቻቶችዎ አይጠፉም። የቴሌግራም ተራ ቻት የሚኖረው ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልክዎ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ያጸዱት ቪዲዮም ቻቱ ውስጥ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ሲፈልጉት እንደገና ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ የምለው አለ። እንደገና የሚወርደው የላከው ሰው ወይም ቻናሉ እስካላጠፋው ድረስ ነው። የአንድ ኮርስ ማስታወሻ፣ የሟች ዘመድ የድምፅ መልእክት፣ የቤት ውል ፎቶ እዚያ ውስጥ ካለ፣ ካሹን ከማጽዳትዎ በፊት ወደ Photos ወይም ወደ Files ያስቀምጡት። በከንቱ የሚያለቅሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሁሌም የሚያለቅሱት በእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ቴሌግራምን ያጠፋና እንደገና ያወርዳል። ቦታው ይለቀቃል፣ እውነት ነው። ዋጋው ግን ሌላ ነው። Delete App ሲሉ የገቡበት አካውንት አብሮ ይሄዳል፤ ተመልሰው ሲገቡ ቴሌግራም ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚመጣው ቴሌግራም በገባበት ሌላ መሣሪያ ላይ ነው፤ ከሌለ በስልክ ቁጥርዎ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን እየኖሩ ቴሌግራማቸው ግን ከአገር ቤት በወጣ ሲም የተከፈተ ብዙ ወገኖች አሉን። ሲሙ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቴሌግራምን ካጠፋ በኋላ ኮዱን የሚቀበልበት መንገድ ላይኖረው ይችላል። Two-Step Verification አብርተው ፓስወርዱን ከረሱም እንዲሁ በር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ሲሙ በእጅዎ ከሌለ ቴሌግራምን ዲሊት አያድርጉ። ካሹን ብቻ ያጽዱ።

ሌላው፣ Secret Chat የሚባለው ነው። ይህ ከተራው ቻት ይለያል፤ ሰርቨር ላይ የለም፣ ያለው በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ነው። ቴሌግራምን ዲሊት ካደረጉ በእርስዎ በኩል ያለው ለዘላለም ሄደ። ኦፍሎድ ካደረጉ ይቆያል።

ዋትሳፕ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት፤ ሰው ቴሌግራም እንደዚያ ስለሆነ ዋትሳፕም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም። የዋትሳፕ የቻት ታሪክ የሚኖረው ስልክዎ ላይ ነው። ዲሊት ካደረጉት የሚመልስልዎ አስቀድመው ያደረጉት ባክአፕ ብቻ ነው። በዋትሳፕ ውስጥ Settings፣ Chats፣ Chat Backup ገብተው የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተደረገ ይመልከቱ። ቀኑ ያለፈው ዓመት ከሆነ፣ ሲያጠፉት የሚያጡት ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ነው። ቀን ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሁሉንም።

ኦፍሎድ ዳታ ይጠብቃል ስል ያለ ገደብ እንዳይመስልዎት። ዳታው ስልኩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሚከፍተው ግን አፑ ነው፣ አፑ ደግሞ መመለስ ያለበት ከአፕ ስቶር ነው። አፕ ስቶር ላይ ከሌለስ? አይፎኑ ራሱ ኦፍሎድ በሚሉበት ገጽ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ ዳታዎ የሚመለሰው አፑ አሁንም አፕ ስቶር ላይ ካለ ነው ይላል። ብዙ ሰው አያነበውም።

ይህ በተግባር ታይቷል። በጥር ወር 2025 በፈረንጆቹ፣ ቲክቶክ በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ከአሜሪካ አፕ ስቶር ወጣ። በወሩ 18ኛ ቀን ማታ ወጥቶ የተመለሰው የካቲት 13 ነው። በዚያ መሃል አፑ ስልኩ ላይ የነበረው ሰው ከአጭር መቋረጥ በኋላ መጠቀሙን ቀጠለ። ቦታ ለማግኘት ብሎ ኦፍሎድ ያደረገው ግን አይኮኑን ሲነካ የሚያወርድለት አጣ። የቲክቶክ ድራፍት የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። ሠርቶ ያልለጠፋቸው ቪዲዮዎች ስልኩ ውስጥ አሉ፣ ቦታም ይዘዋል፣ ሊያያቸው ግን አይችልም። ተናዶ አይኮኑን ያጠፋው ደግሞ ድራፍቱንም አብሮ አጠፋው። ታግሶ የቆየው በየካቲት አፑን መልሶ ድራፍቱን አገኘ።

ነገሩ ከእኛ ጋር የሚገናኘው በአካውንቱ በኩል ነው። አገር ቤት ያለን ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የአፕል አካውንት የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር ተብሎ የተከፈተ ነው። አፕ ስቶር የሚያሳየን የዚያን አገር ገበያ ነው። አካውንቱን ወደ ሌላ አገር ከቀየሩ፣ በአዲሱ አገር የማይገኝ አፕ ኦፍሎድ ላይ ከሆነ መመለሱ አስተማማኝ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው የሌላ ሰው አካውንት ነው። ስልኩ ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ በራሱ አካውንት አፖቹን ጭኖ ይሰጣል። ባለቤቱ በኋላ የራሱን አካውንት ያስገባል። አፖቹ መሥራታቸውን ስለማያቆሙ ማንም አያስተውለውም። ኦፍሎድ አድርጎ ሊመልስ ሲል ግን የማያውቀው ኢሜይል ይመጣና ፓስወርድ ሊጠየቅ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አፖችን ሲያዘምኑ የእርስዎ ያልሆነ ኢሜይል ፓስወርድ የሚጠይቅዎ ከሆነ፣ እነዚያን አፖች ኦፍሎድ አያድርጉ። መጀመሪያ ውስጣቸው ያለውን ዳታ ያውጡ፣ ከዚያ አጥፍተው በራስዎ አካውንት ይጫኑ።

እርስዎ ሳያውቁት ኦፍሎድ የሚደረግበትም መንገድ አለ። Offload Unused Apps የሚባል ማብሪያ አለ። በአዲሱ አይኦኤስ Settings፣ Apps፣ App Store ውስጥ ነው፤ በቀድሞዎቹ ደግሞ Settings ውስጥ App Store የሚለው ጋ። በርቶ ከሆነ ስልኩ ቦታ ሲያጥረው ብዙም የማይከፍቷቸውን አፖች ራሱ ያነሳል። በዓመት አንዴ ለጉዞ የሚከፍቱት የአየር መንገድ አፕ ኤርፖርት ላይ ዋይፋይ ሳይኖር የደመና ምልክት ይዞ የሚጠብቅዎት ለዚህ ነው። ትልቅ አፕ በሞባይል ዳታ ሲመልሱ ደግሞ ፓኬጁን ይበላል፤ ከ200 ሜጋ በላይ ሲሆን ስልኩ በተለመደው አቀማመጥ አስቀድሞ ይጠይቅዎታል። እኔ ይህን ማብሪያ አጥፍቼ፣ የሚነሳውን አፕ ራሴ መምረጥ ነው የምመክረው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ኦፍሎድ የተደረገ አፕ አይኮኑ ከስክሪኑ አይጠፋም። ሰው ያየውና «ይሄማ ከጠፋ ቆይቷል፣ አይኮኑ ምን ያደርጋል» ብሎ ተጭኖ ይይዝና Delete App ይላል። በዚያች ሰከንድ የተቀመጠለት ዳታ በሙሉ ይሄዳል። ለአፕ ዳታ የቆሻሻ ቅርጫት የለም፤ ከባክአፕ ውጭ የሚመለስበት መንገድ የለም። የደመና ምልክት ካዩ፣ ውስጡ የእርስዎ ነገር አለ ማለት ነው። እዚያው አይኮን ሲይዙ የሚመጣው Remove from Home Screen ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። አይኮኑን ከፊት ያነሳል እንጂ አፑንም ዳታውንም አይነካም፣ ቦታም አይለቅም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ። አፕ ዲሊት ሲደረግ ምን ይቀራል?

የአፑ ፕሮግራምና የራሱ ማህደር ይጠፋሉ። በ Files ውስጥ On My iPhone ስር በአፑ ስም የተፈጠረ ፎልደር ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ሰነድ ያስቀመጠ ሰው ይህን አይጠብቅም፤ አፑን አጠፋሁ እንጂ ፋይሌን መቼ አጠፋሁ ይላል። ስለዚህ አስቀድመው ወደ iCloud Drive ወይም ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩት።

የሚቀረው ግን ሰው ከሚገምተው ይበልጣል።

የመጀመሪያው ኪይቼይን ነው። አይፎን ውስጥ አፖች ምስጢራቸውን የሚያስቀምጡበት የተመሰጠረ ሳጥን አለ። ፓስወርድ፣ እንዲሁም አንዴ ከገቡ በኋላ ደግመው እንዳይጠየቁ የሚያደርገው የመግቢያ ቁልፍ እዚያ ይቀመጣል። ይህ ሳጥን ከአፑ ማህደር ውጭ ነው። ስለዚህ አፑን ሲያጠፉ አይነካም። አንድ የባንክ ወይም የገበያ አፕ አጥፍተው ከወራት በኋላ ሲመልሱት ስምዎን ጠርቶ የተቀበለዎት ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አፕል በፈረንጆቹ 2017 የአይኦኤስ 10.3 የሙከራ ስሪት ላይ አፑ ሲጠፋ ይህም አብሮ እንዲጠፋ ሞክሮ ነበር። ስሪቱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ግን ሐሳቡን ተወው። እስካሁንም ይቀራል።

ታዲያ ለምን አንዳንዱ አፕ ያስታውሳል፣ አንዳንዱ ይረሳል? በአፑ ሠሪ ላይ ነው የሚወሰነው። ጠንቃቃ ሠሪ አፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በማህደሩ ውስጥ ምልክት ያስቀምጣል። አፑ ጠፍቶ ሲመለስ ማህደሩ አዲስ ስለሆነ ምልክቱ የለም። አፑም «እንደ አዲስ ነው የተጫንኩት» ብሎ ኪይቼይን ውስጥ የቀረውን አሮጌ ነገር ያጸዳል። ይህን ያላደረገ አፕ በአሮጌው ቁልፍ ቀጥታ ይገባል። ከውጭ ሆኖ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማየት አይቻልም። ኪይቼይኑን ሌላ እንግዳ አፕ አያነበውም፤ ለዚያ ስጋት አይግባዎ። ስጋቱ ያንኑ አፕ በዚያው ስልክ ላይ መልሶ የሚጭን ሰው ነው። በእርስዎ ጉዳይ ያ ሰው እህትዎ ናት።

ለዚህ ነው አፕ ከማጥፋት በፊት ከውስጡ Log Out ማለትን አጥብቄ የምመክረው። ያኔ አፑ ራሱ ቁልፉን ያነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩም ያንን ቁልፍ ይሰርዘዋል።

የአንድ ድርጅት አፖች ደግሞ እርስ በርስ ይጋራሉ። ፌስቡክን አጥፍተው ሜሴንጀር ወይም ኢንስታግራም ስልኩ ላይ ከቀረ፣ ፌስቡክን ሲመልሱ በስምዎ ቀጥል ይልዎታል። አይኦኤስ የአንድ ሠሪ አፖች የጋራ ማህደርና የጋራ የኪይቼይን ክፍል እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። የጋራው ማህደር የሚጠፋው ከአፖቹ የመጨረሻው ሲጠፋ ነው።

ከስልኩ ውጭ ያለውም አይነካም። አፑ አይክላውድ ላይ ያስቀመጠው ነገር ይቀራል፤ አንዳንዴ ሲያጠፉት የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ራሱ ይህን ይነግርዎታል። እሱን ማጥፋት ከፈለጉ Settings ላይ ስምዎን ነክተው፣ iCloud ገብተው፣ Storage ከሚለው አፑን መርጠው ነው። እዚያ የጠፋ ግን ከሁሉም መሣሪያዎችዎ እንደሚጠፋ ይወቁ። በአፑ ድርጅት ሰርቨር ላይ ያለው አካውንትዎም እንዳለ ነው። አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ ከውስጡ አካውንት ማጥፊያ እንዲኖረው አፕል በፈረንጆቹ ከሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ስለሚያስገድድ፣ አካውንቱ እንዲጠፋ ከፈለጉ አፑን ከማንሳትዎ በፊት እዚያው ፈልገው ያጥፉት። ወርሃዊ ክፍያ ካለም አፑ በመጥፋቱ አይቆምም። Settings ላይ ስምዎን ነክተው Subscriptions ውስጥ ገብተው መሰረዝ አለብዎት።

ወደ Photos ያስቀመጧቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች፣ በቴሌግራም ይምጡ በዋትሳፕ፣ እዚያው ይቀራሉ። የተቀመጡ ፓስወርዶችም Passwords ውስጥ ይቀራሉ።

እንግዲህ ስልኩን ለእህትዎ ለመስጠት አፖችን አንድ በአንድ ማጥፋት አይበቃም። ድካሙም ከንቱ ነው። መደረግ ያለበት ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚወስዱትን ይውሰዱ። የአይክላውድ ወይም የኮምፒውተር ባክአፕ ያድርጉ፣ የዋትሳፕ ባክአፕ ቀኑ የዛሬ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የቲክቶክ ድራፍት ካለ ወደ Photos ያስቀምጡ፣ የቴሌግራምን ሲም በእጅዎ ያድርጉ። የባንክና የኢሜይል ኮድ የሚያወጣ የአውተንቲኬተር አፕ ካለዎት አዲሱ ስልክ ላይ መሥራቱን ኮድ አውጥተው ሞክረው ሳያዩ አሮጌውን አይንኩ። አዲሱ ስልክ ቢያንስ ጥቂት ቀናት በደንብ ከሠራ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ፎቶዎችንና ኮንታክቶችን ግን በእጅ አያጥፉ። ስልኩ በእርስዎ አይክላውድ ገብቶ እያለ ኮንታክት ካጠፉ፣ አጥፋ የሚለው ትእዛዝ ወደ አዲሱ ስልክም ይሄዳል። «ለእህቴ ንጹሕ ስልክ ልስጣት» ያለ ሰው የራሱን አልበም ባዶ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ Settings፣ General፣ Transfer or Reset iPhone፣ በመጨረሻም Erase All Content and Settings ይበሉ። የስልኩን ኮድና የአፕል አካውንትዎን ፓስወርድ ይጠይቃል። ኢሲም ካለዎት ይጥፋ ወይስ ይቆይ ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ቁጥሩ የእርስዎ ከሆነና ወደ አዲሱ ስልክ ካላዛወሩት መጀመሪያ ያዛውሩት። አይፎን ውስጥ ያለው ዳታ ከመነሻው የተመሰጠረ ስለሆነ ይህ ትእዛዝ የመፍቻ ቁልፎቹን ነው የሚያጠፋው። ለዚህም ነው ስልኩ ሞልቶ እያለ በደቂቃዎች የሚያልቀው። ኪይቼይኑም፣ የጋራ ማህደሮቹም፣ ኦፍሎድ ላይ የነበሩት ዳታዎችም አብረው ይሄዳሉ። አይክላውድ ላይ ያለው ግን አይነካም፤ እሱ የእርስዎ እንደሆነ ይቀጥላል።

ስልኩ ተነስቶ Hello ሲል ለእህትዎ ከመስጠትዎ በፊት ዋይፋይ አስገብተው ሁለት ሦስት ገጽ ይሂዱ። የእርስዎን የአፕል አካውንት ፓስወርድ ከጠየቀ Activation Lock አልተነሳም ማለት ነው፤ እህትዎ ልትጠቀምበት አትችልም። ፓስወርዱን እዚያው ያስገቡለት፤ ወይም ከሌላ መሣሪያ iCloud.com/find ገብተው ስልኩን መርጠው Remove This Device ይበሉ። የእርስዎን ኢሜይል ሳያነሳ አዲስ አካውንት ካስጀመረ፣ የእህትዎን አካውንት አስገብታ አፖቿን በራሷ ስም ታውርድ።